ካስት አይረን፣ አይዝጌ ብረት እና የማያጣብቅ የማብሰያ ዕቃ፦ ለዕለታዊ የቤት ምግብ ዝግጅት የተዘጋጀ የሸማቾች መረጃ

የመረጃው ዓላማ

ይህ መረጃ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች እንዲሁም በአካባቢያቸው የሚኖሩ ሸማቾች ድስት ወይም መጥበሻ ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ ለሽያጭ ከሚቀርቡ የማብሰያ ዕቃዎች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ካስት አይረን፣ አይዝጌ ብረት እና የማያጣብቅ ሽፋን ያለው ዕቃ፣ በመልክ ቢቀራረቡም በአገልግሎት ዘመናቸውም ሆነ በሚስማማቸው የምግብ ዓይነት በእጅጉ ይለያያሉ። አንዱ ለሚሠራበት ሥራ ሌላው ሲውል ዕቃው ያለ ዕድሜው ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ጤናን የሚጎዳ ጭስ ያወጣል።

በመረጃው ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሣው ሐሳብ አንድ ነው። የማብሰያ ዕቃ የሚመረጠው በቤቱ በሚነድደው እሳትና በየቀኑ በሚሠራው ምግብ ነው። ዋጋና ውበት ከዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

1. በገበያ ላይ ዕቃውን መለየት

በዕለት ተዕለት ንግግር "ብረት ድስት" የሚለው ስም ከሸክላ ድስት ለመለየት ያህል ለማንኛውም የብረታ ብረት ድስት ይሰጣል። በዚህ ስም የሚሸጠው ዕቃ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። ስለዚህ ሸማቹ "ብረት ድስት ነው" የሚለውን መልስ ብቻ ይዞ መግዛት የለበትም። "ቴፋል" የሚለው የንግድ ስምም እንዲሁ ማናቸውንም ጥቁር ሽፋን ያለው መጥበሻ ለመጥራት ሲውል ይሰማል፤ ስሙ የአምራቹን ማንነትም ሆነ የሽፋኑን ጥራት አያረጋግጥም።

ወደ ገበያ ሲሄዱ አነስተኛ ማግኔት ይዘው መሄድ ይጠቅማል። ማግኔቱ በድስቱ ጎን ላይ ሲደረግ የሚከተለውን ይነግራል።

ማግኔቱ አጥብቆ ከያዘ፣ ዕቃው ወፍራምና ከባድ ከሆነ፣ ገጽታውም እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻካራ ከሆነ፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ካስት አይረን ነው። ወርዱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የካስት አይረን መጥበሻ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ማግኔቱ ቢይዝም ዕቃው ስስና ቀላል ከሆነ ከላሜራ የተሠራ ወይም በኢናሜል የተለበጠ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል።

ማግኔቱ ከነጭራሹ ካልያዘ ዕቃው አልሙኒየም ወይም ኒኬል ያለበት አይዝጌ ብረት ነው። አልሙኒየም ቀላል ሲሆን መልኩ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። አይዝጌ ብረት ግን ይከብዳል፤ በጥፍር ሲነካም ጠንካራ ነው። በአይዝጌ ብረት ዕቃ ላይ የሚታተመው "18/10" የሚለው ምልክት ክሮሚየም 18 በመቶ፣ ኒኬል 10 በመቶ ገደማ መሆኑን ያመለክታል። ክሮሚየሙ ዝገትን ይከላከላል፤ ኒኬሉ ደግሞ ብረቱ ጨውንና ኮምጣጤን እንዲቋቋም ይረዳዋል።

የማግኔት ፍተሻ ገደብ እንዳለው ልብ ሊባል ይገባል። በኒኬል ፋንታ ማንጋኒዝ በብዛት የተጨመረበት ዝቅተኛ ደረጃ ያለው አይዝጌ ብረትም ማግኔት አይዝም፤ ነገር ግን በጨው ፈጥኖ ይበላሻል። በሌላ በኩል ጥሩ አይዝጌ ድስት ለኢንደክሽን ምድጃ እንዲያገለግል ሲባል ታችኛው ክፍሉ ብቻ ማግኔት የሚይዝ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ስለሆነም ማግኔቱ አልሙኒየምንና ካስት አይረንን ለመለየት በቂ ሲሆን፣ የአይዝጌ ብረትን ደረጃ ለማወቅ ግን በዕቃው ላይ የታተመውን ጽሑፍና የሻጩን የጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል።

2. የአካባቢው ከፍታና የእሳቱ ዓይነት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በደሴ 92፣ በኮምቦልቻ 94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ምስር፣ ባቄላና ሥጋ በደሴ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። ድስቱ በእሳት ላይ የሚቆይበት ሰዓት በረዘመ ቁጥር ውኃው ያልቃል፤ ታቹም የማረር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ የድስቱ ታች ወፍራም መሆኑና ክዳኑ በደንብ መግጠሙ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ነጥብ እሳቱ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በቡታጋዝ ሙቀቱን በመዘውር መቀነስ ይቻላል። በከሰልና በእንጨት ግን እሳቱ አንዴ ከተያያዘ ወዲያውኑ ዝቅ ማድረግ አይቻልም፤ የደመቀ ፍም ባዶ መጥበሻን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እጅግ ያግለዋል። ይህ ልዩነት በሚቀጥሉት ክፍሎች ለተሰጡት ምክሮች መሠረት ነው።

3. ካስት አይረን

ካስት አይረን ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። በመሆኑም ቆሎ ለመቁላት፣ ቡና ለመቁላት፣ ጥብስ ለመጥበስና በምጣድ ዓይነት ደረቅ ሙቀት ለሚዘጋጅ ምግብ ሁሉ ተስማሚ ነው። ከፍም ላይ ቢቀመጥም የሚቀልጥ ወይም የሚተን ሽፋን የለውም። በአግባቡ ከተያዘ ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለግላል።

ማሟሸት

አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይወጣለት ሁሉ አዲስ ካስት አይረንም ሳይሟሽ ምግብ ይይዛል፤ ይዝጋልም። የማሟሸቱ ሥራ በሚከተለው መንገድ ይከናወናል።

አንደኛ፣ ዕቃው በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያውኑ በጨርቅ ይደርቃል፤ ከዚያም እርጥበቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ለጥቂት ደቂቃ እሳት ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ሞቅ ባለው ዕቃ ላይ ከውስጥም ከውጭም በጣም ጥቂት ዘይት ይቀባል። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ዘይቱ ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ይወለወላል።

ሦስተኛ፣ ዕቃው በመካከለኛ እሳት ላይ ተቀምጦ መጨስ ይጀምራል፤ ጭሱ እስኪያቆም ድረስ ይቆያል። ይህ ሥራ ከቤት ውጭ ወይም መስኮትና በር ተከፍቶ መከናወን አለበት።

አራተኛ፣ ዕቃው በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ መቀባቱና ማጨሱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገማል።

በዚህ ሂደት ዘይቱ ከአየርና ከሙቀት ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠንካራና ጥቁር ሽፋን ይለወጣል። ለዚህ የሚመረጠው በቀላሉ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ የኑግና የተልባ ዘይት ጥሩ ናቸው። ሲቀዘቅዝ የሚረጋ የፓልም ዘይት በደንብ አይደርቅም። የተነጠረ ቂቤም ለማሟሸት አይሆንም፤ አይደርቅም፣ በውስጡ የቀረው ቅመምም ያርራል።

የችግር ምልክቶች

ከማሟሸት በኋላ ዕቃው በእጅ ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ የተቀባው ዘይት በዝቷል ማለት ነው፤ እንደገና ሞቆ በጨርቅ ይወለወላል። ሽፋኑ እንደ ቅርፊት የሚነሣ ከሆነ አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላው ተደርቧል። ቡናማ ዝገት ከታየ ዕቃው እርጥብ ሆኖ ተቀምጧል። በሁለቱም ሁኔታ በሽቦ ተፍቆ፣ ታጥቦና ደርቆ እንደገና ይሟሻል፤ ዕቃው አልተበላሸም።

የማይጠገነው ስንጥቅ ብቻ ነው። ካስት አይረን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወድቅ ወይም ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ሊሰነጠቅ ይችላል። በሚገዙበት ጊዜ ዕቃውን ከእጀታው አንጠልጥለው በእንጨት መታ ያድርጉት። ደህናው እንደ ደወል ድምፁ ይረዝማል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

ካስት አይረንና የደም ማነስ

በብረት ድስት የበሰለ ምግብ ከድስቱ የተወሰነ የብረት ማዕድን ይወስዳል። በአገራችን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 407 ሕፃናትን፣ ከየቤቱ አንድ አንድ በመውሰድ፣ ከፊሎቹ ቤተሰቦች በብረት ድስት፣ ከፊሎቹ በአልሙኒየም ድስት እንዲያበስሉ አድርጎ ነበር። በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የተመገቡት ሕፃናት የደም ማነሳቸው ከሌሎቹ ያነሰ፣ እድገታቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጥናት በቤተ ሙከራ በተደረገው ምርመራ፣ ከጥራጥሬ በተሠራ ምግብ ውስጥ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው የብረት መጠን በድስቱ ዓይነት ምክንያት ልዩነት አላሳየም። ይህ ሽሮና ምስር ወጥ በየቀኑ ለሚመገብ ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሽሮን በካስት አይረን ማብሰል ብቻውን ለደም ማነስ መፍትሔ አይሆንም። ነፍሰ ጡር እናቶችና የደም ማነስ ያለባቸው ሕፃናት በጤና ተቋም የታዘዘላቸውን የብረት ማዕድን እንክብል ወይም ሽሮፕ በድስት ምክንያት ማቋረጥ የለባቸውም።

ቲማቲም የበዛበት ወይም ሎሚ የተጨመረበት ምግብ ከካስት አይረን ብዙ ብረት ይወስዳል፤ ነገር ግን ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክበት የተሟሸውን ሽፋን ይበላል፣ ወጡንም ያጠቁረዋል፣ የብረት ጣዕምም ይሰጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምግብ ሲዘጋጅበት እንደበሰለ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥና ድስቱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በስሱ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ይገባል።

4. አይዝጌ ብረት

አይዝጌ ብረት ከኮምጣጣ ምግብ ጋር አይዋሐድም፤ ወጡ ቢያድርበትም ጣዕሙን አይለውጥም፤ በሳሙና ቢታጠብም የሚጠፋ ሽፋን የለውም። ቲማቲም ያለበት ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ ቅቅልና ሾርባ በየቀኑ ለሚሠራበት ቤት ከሦስቱ ሁሉ የሚስማማው ይህ ነው።

ዋና ድክመቱ ሙቀትን በደንብ አለማስተላለፉ ነው። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከካስት አይረን ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። በዚህ ምክንያት ታቹ ስስ የሆነ አይዝጌ ድስት እሳቱ በነካው ቦታ ብቻ ይግላል፤ ወጡም በዚያው ቦታ ክብ ሠርቶ ያርራል። ይህን ለማስወገድ ጥሩ አምራቾች ከድስቱ ታች በሁለት የአይዝጌ ብረት ንብሮች መካከል ወፍራም የአልሙኒየም ንብር ያስገባሉ።

ሸማቹ ይህንን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። ድስቱ ተዘቅዝቆ ከጎን ሲታይ በታቹ ዙሪያ ተጨማሪ ወፍራም ቀለበት ካለ ንብር ተጨምሮበታል ማለት ነው። ቀለበቱ ከሌለ፣ ድስቱም ለመጠኑ በጣም ቀላል ከሆነ፣ ለወጥ ሥራ አይመረጥም። ለኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ድስቱን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በጣት ይጫኑ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ታቹ ከምድጃው ጋር በሙሉ ስለማይገናኝ መብራት ያባክናል።

የችግር ምልክቶች

ከውስጥ የቀስተ ደመና ዓይነት ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም መታየቱ ጉዳት የለውም፤ የሚመጣው ከሙቀት ሲሆን በሎሚ ወይም በአቸቶ ሲታሽ ይለቃል። የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ከታዩ ግን ጨው ብረቱን በልቶታል። ይህ የሚሆነው ጨው በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ተጨምሮ ከድስቱ ታች ሲተኛ ነው፤ ስለዚህ ጨው ውኃው ከፈላ በኋላ ይጨመር፣ ወዲያውም ይማሰል። በረኪናም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ አይዝጌ ብረት በበረኪና አይዘፈዘፍም።

ድስቱ ያለ ውኃ እሳት ላይ ከተረሳ የታቹ ንብር ሊላቀቅ ወይም ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ድስት በምድጃው ላይ ይወዛወዛል፤ ሲሞቅም የመንቋቋት ድምፅ ያሰማል። ይህ አይጠገንም። ያረረ ምግብ ብቻ ከሆነ ግን በውኃና በጥቂት ሶዳ አፍልቶ ማሳደር በቂ ነው፤ በጠዋቱ በእንጨት ማማሰያ ይነሣል።

5. የማያጣብቅ ሽፋን ያለው ዕቃ

ይህ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ሲሆን በላዩ ላይ ቴፍሎን በሚባለው ስም የሚታወቅ ስስ የፕላስቲክ ዓይነት ሽፋን ተቀብቶበታል። እንቁላል፣ ዓሣና ፓንኬክ በጥቂት ዘይት ለማዘጋጀት ከሦስቱ ይልቅ ይቀልላል። አገልግሎቱ ግን የሽፋኑን ዕድሜ ያህል ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተሠራበት ከጥቂት ዓመታት አያልፍም፤ ሽፋኑ ሲያልቅ እንደገና ማሟሸት አይቻልም።

ዋናው የጥንቃቄ ነጥብ ሙቀት ነው። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል፤ ከ350 ዲግሪ በላይ ደግሞ ጎጂ ጋዝ በብዛት ያወጣል። ጋዙን የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የደረት መጨነቅ ሊሰማው ይችላል። ውኃ ወይም ምግብ ያለበት መጥበሻ እዚህ ሙቀት ላይ በቀላሉ አይደርስም። ባዶ መጥበሻ ግን በደመቀ የከሰል ፍም ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

ስለሆነም የማያጣብቅ መጥበሻ ቡናና ቆሎ ለመቁላት፣ በርበሬና ቅመም ለማመስ ፈጽሞ አይውልም፤ ከሰልና እንጨት ላይም አይጣድም። በኤሌክትሪክ ወይም በቡታጋዝ ሲጠቀሙ እሳቱ ከመካከለኛ አይለፍ። ሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት ዘይቱ ራሱ ምልክት ይሰጣል፤ ዘይት መጨስ ከጀመረ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ነውና መጥበሻው ወዲያውኑ ይነሣ፣ መስኮትም ይከፈት።

በአንዳንድ ካርቶኖች ላይ "ከፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ ነጻ" የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ቀድሞ ሽፋኑን ለማምረት ይውል የነበረና በጤና ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት የተከለከለ ኬሚካል አለመኖሩን ይገልጻል። ሽፋኑ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል ማለት ግን አይደለም፤ ከላይ የተሰጠው ጥንቃቄ ለዚህም ዕቃ ይሠራል።

የሽፋኑ ሁለተኛ ጠላት መፋቅ ነው። በአመድ፣ በአሸዋና በሽቦ ማጠብ፣ በብረት ማንኪያ ማማሰልና ድስቶችን አንዱን በአንዱ ውስጥ መደራረብ ዕድሜውን ያሳጥራሉ። በእንጨት ማማሰያ መጠቀም፣ ሲደረደርም በመካከሉ ጨርቅ ማድረግ ይገባል። ከምግብ ጋር የተዋጠ ቁራጭ ሽፋን ሳይፈጭ ከሰውነት የሚወጣ በመሆኑ ሊያስደነግጥ አይገባም። ሆኖም ከሽፋኑ ሥር ያለው ነጭ አልሙኒየም መታየት ሲጀምር ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሷል።

6. ማነጻጸሪያ ምሳሌ፦ የ1 ኪሎ ግራም ሽንኩርት ቁሌት

የሦስቱን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው በየቤቱ የሚሠራው ቁሌት ነው፤ ምክንያቱም ሽንኩርቱ በመጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል።

ሽንኩርት ከክብደቱ አብዛኛው፣ ከመቶ እጅ ዘጠና የሚጠጋው፣ ውኃ ነው። በ1 ኪሎ ግራም የተከተፈ ሽንኩርት ውስጥ ውኃው እስካለ ድረስ በደሴ የሽንኩርቱ ሙቀት ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ በዚህ ጊዜ ማንኛውም ድስት አያሳርርም። ውኃው ሲያልቅ ግን የድስቱ ታች በፍጥነት ይግላል፤ የሽንኩርቱ ስኳርም መያዝ ይጀምራል። ልዩነቱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው።

ታቹ ወፍራም በሆነ አይዝጌ ድስት ሽንኩርቱ በቀጭኑ ይይዛል፤ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ሲደረግበት የያዘው ይለቃል፤ ለወጡም ቀለምና ጣዕም ይሰጣል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ዘይትና በርበሬ ይጨመራል። ቲማቲም ከተጨመረም ችግር የለም።

በካስት አይረን ድስቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ እሳቱ ከተቀነሰ በኋላም ማሳረሩ ይቀጥላል። ስለዚህ እሳቱ የሚቀነሰው ሽንኩርቱ ገና ጥቂት ውኃ ሳለው ነው። በርበሬው ከመግባቱ በፊትም ድስቱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከእሳት ማውረድ ይመረጣል፤ አለበለዚያ በርበሬው ያርርና ወጡ ይመርራል።

በማያጣብቅ ድስት ሽንኩርቱ አይዝም፤ ነገር ግን ውኃው አልቆ ዘይት እስኪጨመር ባለው ጊዜ ሽፋኑ ለደረቅ ሙቀት ይጋለጣል። በየቀኑ ያለ ዘይት ማቁላላት የሽፋኑን ዕድሜ ያሳጥራል። በዚህ ዕቃ ቁሌት መሥራት ግድ ከሆነ ከመጀመሪያው ጥቂት ዘይት ተጨምሮ በዝቅተኛ እሳት ይሠራ።

አይዝጌ መጥበሻ ላይ ጥብስ ወይም እንቁላል እንዳይዝ ለሚፈልግ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለ። ባዶው መጥበሻ ሞቆ አንድ ጠብታ ውኃ ይጣልበታል። ጠብታው ተንጫጭቶ ወዲያው ከጠፋ ሙቀቱ ገና ነው፤ እንደ ዶቃ ተጠቅልሎ ከተንከባለለ ደርሷል። ያን ጊዜ ዘይት፣ ቀጥሎም ሥጋው ይጨመራል፤ ሥጋው ለመገልበጥ ሲደርስ በራሱ ይለቃል። ይህ መለኪያ በማያጣብቅ ዕቃ ላይ አይሞከርም።

7. የአገዛዝ ቅደም ተከተል

ቤተሰቡ አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ካለው፣ ታቹ ወፍራም የሆነና ክዳኑ የሚገጥም አይዝጌ ድስት ይምረጥ፤ አብዛኛውን የቤት ምግብ ያለ ጉዳት ይሠራበታል።

ሁለተኛ ዕቃ ሲጨመር የካስት አይረን መጥበሻ ይሁን። ቡና፣ ቆሎና ጥብስ ወደ እርሱ ሲዛወሩ አይዝጌ ድስቱ ከደረቅ ሙቀት ይድናል። በከሰል ወይም በእንጨት ብቻ የሚያበስል ቤተሰብ ካስት አይረኑን ሊያስቀድም ይችላል።

የማያጣብቅ መጥበሻ ሦስተኛ ነው፤ የሚገዛውም እሳቱን መቀነስ የሚቻልበት ምድጃ ላለውና በተደጋጋሚ እንቁላል ወይም ዓሣ ለሚያዘጋጅ ቤት ነው። በተወሰነ ጊዜ መተካቱ ስለማይቀር ዋጋው ከሁለቱ ቢያንስም በዓመታት ሲሰላ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

8. ደረሰኝ፣ መለያ ጽሑፍና ቅሬታ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ደረሰኝ የመቀበል መብት አለው። በተገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ከተገኘም ከግዥው ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል ከተሰጠ ውሉ ተፈጻሚ ይሆናል።

መብቱን በሥራ ላይ ለማዋል ሸማቹ የሚከተሉትን እንዲያደርግ ይመከራል።

በደረሰኙ ላይ "ድስት" ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ ይልቁንም "አይዝጌ ብረት 18/10" ወይም "ካስት አይረን" ተብሎ የዕቃው ዓይነት እንዲገለጽ ይጠይቁ። ዕቃው ሌላ ሆኖ ቢገኝ ለቅሬታዎ ዋና ማስረጃ የሚሆነው ይህ ነው።

ዕቃውን በገዙበት ሳምንት ይሞክሩት። አይዝጌ ድስት ውኃ ተፈልቶበት ይድረቅና ዝገት እንዳለው፣ ታቹም እንደማይወዛወዝ ይታይ። ካስት አይረን ከመሟሸቱ በፊት ስንጥቅ እንደሌለው ይፈተሽ። የማያጣብቅ ሽፋን ገና ሳይሠራበት የተነሣ ወይም አረፋ የያዘ ቦታ እንደሌለው በብርሃን ይታይ። የ15 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ከግዥው ቀን እንጂ ጉድለቱ ከታየበት ቀን አለመሆኑን ልብ ይበሉ።

ጉድለት ካገኙ ዕቃውንና ደረሰኙን ይዘው በመጀመሪያ ለሻጩ ያቅርቡ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ቅሬታዎን በጽሑፍ፣ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር፣ ለከተማው አስተዳደር የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። በማመልከቻው ላይ የግዥው ቀን፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የገለጸው ዓይነትና የተገኘው ጉድለት ተለይተው ይጻፉ። በአጠቃቀም ስህተት የደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ በከሰል ላይ የተጣደ የማያጣብቅ መጥበሻ ሽፋን መላጥ ወይም ያለ ውኃ የተረሳ ድስት ማበጥ፣ እንደ ዕቃ ጉድለት ሊቆጠር ስለማይችል ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን የአጠቃቀም መመሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።